ስልክህ ፊትህን አስረዝሞት ነው

«ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። ሰልፊ ስነሳ ፊቴ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ነው የሚወጣው፤ አፍንጫዬም ትልቅ ነው። ጓደኛዬ የፊት ቅርጽና የፀጉር አቆራረጥ የሚያሳይ ሥዕል ላከልኝ። ፊቱ ረጅም የሆነ ሰው አናቱን ያሳጥር፣ ፂሙን በጎን በኩል ያሳድግ ይላል። እንዳለው አደረግሁ። ሰልፊ ላይ አማረብኝ። እናቴ ግን ቡና ላይ አየችኝና ‹ፊትህን ምን አሳበጠው?› አለችኝ። ሥራ ቦታም ወፈርክ ይሉኛል፤ ኪሎዬ ግን ያው ነው። ኒካሄ 5 ሳምንት ቀርቶታል። ሰልፊውን ልመን ወይስ እናቴን? ፂም ሳይኖረኝ የተነሳሁትን ሰልፊና በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ራቅ ብሎ ያነሳኝን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

አብሽር ወንድሜ። እናትህን እመን።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ለማያውቅህ ሰው የሁለት ወንድማማቾች ፎቶ ይመስላሉ። ሰልፊው ላይ ያለው ልጅ ፊቱ ጠበብና ረዘም ያለ ነው። ጓደኛህ ያነሳው ደግሞ ጉንጩ ሰፊ፣ መንጋጋው ጠንካራ ነው። ፀጉር ቤት ገብተህ ያስተካከልከው የመጀመሪያውን ልጅ ነው። እናትህ ከረከቦቱ ማዶ የምታየው ግን ሁለተኛውን ነው።

ይህ የሆነው በርቀት ምክንያት ነው። ሰልፊ ስትነሳ ክንድህ ትንሽ ይታጠፋል፤ ስልኩ ከፊትህ የሚርቀው ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ቅርበት አፍንጫህ ለካሜራው በጣም ቅርብ ነው። ጉንጭህ የሚሰፋበት ቦታ፣ ማለትም ከጆሮህ ፊት ያለው አጥንት፣ ከአፍንጫህ ጫፍ 7 ወይም 8 ሴንቲ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ጆሮህማ ከዚያም ይርቃል። የቀረበ ነገር ይተልቃል፣ የራቀ ያንሳል። አገጭህና ግንባርህ ከጉንጭህ ይልቅ ለካሜራው ስለሚቀርቡ ቁመቱ ይጎላል፤ ስፋቱ ግን ወደኋላ ሸሽቶ ይጠባል። ፎቶ የሚያነሳህ ሰው 1 ሜትር ተኩል ሲርቅ ያቺ 7 ሴንቲ ከርቀቱ ጋር ስትተያይ ከቁጥር አትገባም። ስለዚህ ፊትህ እንዳለ ይወጣል።

አፍንጫህን አስመልክተህ የጻፍከውም ከዚሁ የመጣ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የፊት ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ይህን አስልተው አሳትመው ነበር። በ30 ሴንቲ ርቀት የተነሳ ፎቶ የወንድን አፍንጫ ከፊቱ ስፋት አንጻር 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። በ1 ሜትር ተኩል ላይ ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹ ይህን የሠሩት ሰው ሰልፊ ይዞ «አፍንጫዬን ቀንሱልኝ» እያለ ስለሚመጣባቸው ነው። እኛ ፀጉር ቤት ደግሞ «ፊቴን አሳጥሩልኝ» የሚል ይመጣብናል።

እኔም በዚህ ጉዳይ ስቻለሁ። ደሴ ፒያሳ ስሠራ አንድ ወጣት ሰልፊውን ከፍቶ «ለዚህ ፊት የሚሆን» አለኝ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊት ትቼ ስክሪኑን እያየሁ ቆረጥኩለት። በሳምንቱ ፎቶ ቤት የተነሳውን ጉርድ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ወጥቷል። ያን ቀን ገንዘቡን መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰልፊ ይዞ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ስልኩን ተቀብዬ ከወንበሩ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ርቄ ራሴ አነሳዋለሁ።

አሁን ፊትህን በትክክል እንለካው። የላክኸውን ሰልፊ ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ለካሁት። ግንባርህ ላይ ፀጉርህ ከሚጀምርበት እስከ አገጭህ ጫፍ 9 ሴንቲ ነው። ከጉንጭ እስከ ጉንጭ 6 ሴንቲ ነው። ቁመቱን ለስፋቱ ስታካፍለው 1.5 ይመጣል። ጓደኛህ ያነሳው ፎቶ ላይ ደግሞ ቁመቱ 5.4፣ ስፋቱ 4 ነው። ያ 1.35 ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሴንቲ በራሱ ምንም አይደለም፤ ፎቶውን ስታሰፋው ይለወጣል። የማይለወጠው ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው።

እኔ በሥራዬ የምመራበት ልክ ይህ ነው። 1.5 ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ ፊቱን እንደ ረጅም እቆጥረዋለሁ። 1.25 እና ከዚያ በታች ከሆነ አጭር ነው። መሐሉ ላይ ያለ ሰው ብዙ ነገር ያምርበታል፣ የሚያበላሸውም ጥቂት ነገር ነው። አንተ መሐል ላይ ነህ። ሰልፊህ ግን አንስቶ ረጅሞቹ ጋር አስቀመጠህ። የጓደኛህ ሥዕልም ለረጅም ፊት የሚሆነውን ነገረህ። ሥዕሉ አልዋሸም። የገባለት ፊት ያንተ አልነበረም እንጂ።

ከቁመቱ ይበልጥ ለፂም የሚያስፈልገው ግን መንጋጋህ ነው። በሩቁ ፎቶ ላይ ጉንጭህ 4 ሲሆን መንጋጋህ 3.7 ነው። ግንባርህም 3.8 ያህል ነው። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው። እንዲህ ያለውን ፊት እኛ አራት ማዕዘን እንለዋለን። ለወንድ በጣም የሚያምር ፊት ነው፤ ይህን የምለው ላስደስትህ ብዬ አይደለም። መንጋጋው በራሱ ቅርጽ ስላለው ፂም እንዲሠራለት አይፈልግም። ፂም ሲበዛበት ግን ቶሎ ይጠፋል።

ጉንጭህን ለካ ብዬ በመልእክት ጠይቄህ በሁለት ደብተር መሐል 13 ሴንቲ ብለህ ልከህልኛል። እንዴት እንደተለካ ሌላም አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል። ሁለት ጠንካራ ደብተር በግራና በቀኝ ጉንጭህ አጥንት ላይ ሳትጫን አቁመህ ትይዛለህ፣ ሌላ ሰው በደብተሮቹ መሐል ያለውን ክፍተት በሜትር ይለካል። ሜትሩን ፊት ላይ ማጠፍ አይሆንም፤ የጉንጩን እብጠት አብሮ ይቆጥራል።

ጉንጭህ 13 ከሆነ በፎቶው ስሌት መንጋጋህ 12 ሴንቲ አካባቢ ነው። አሁን ፂምህ በጎን 1 ሴንቲ ያህል ቆሟል። 1 በግራ፣ 1 በቀኝ። መንጋጋህ 14 ሆነ ማለት ነው። የፊትህ ሰፊ ቦታ ከጉንጭህ ወርዶ መንጋጋህ ላይ ሄደ። ሰው ሲወፍር የሚሆነው ልክ ይሄ ነው፤ ፊቱ ታች ይከብዳል። ሥራ ቦታ «ወፈርክ» ያሉህ ለዚህ ነው። ዓይናቸው ያየውን ነው የተናገሩት። አናትህን ደግሞ ወደ 1 ሴንቲ አሳጥረኸዋል። ላዩ ዝቅ፣ ታቹ ሰፋ ሲል እናትህ «አበጠ» አለች።

ሰልፊው ላይ ለምን አማረብህ? ስልኩ ጎኑን ስለሚያጠበው ነው። 14 የሆነውን መንጋጋ ወደኋላ ሸሽጎ ልከኛ አስመሰለው። ፂምህ የሞላው ስልኩ የፈጠረውን ጥበት ነው። ኒካህህ ላይ ፎቶ የሚያነሳው ሰው 2 ወይም 3 ሜትር ርቆ ነው የሚቆመው። እንግዳውም እንዲሁ። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ከሩቅ የሚታየው ፊት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፂሙን መላጨት የለብህም። ጎኑን አሳንሰው፣ አገጩን ተወው። የቶንዶሱ ቁጥር 1 ማበጠሪያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል፣ ቁጥር 2 ደግሞ 6፣ ቁጥር 3 ወደ 10 ሚሊ። ከጆሮህ ፊት ጀምሮ እስከ መንጋጋህ ማዕዘን ድረስ በቁጥር 1 ይሁን። ከማዕዘኑ ወደ አገጭህ ሲመጣ ቁጥር 2። አገጩ ላይ ቁጥር 3፣ ወይም አሁን ያለውን ርዝመት በመቀስ ጫፉን ብቻ ማስተካከል። አሁን ስሌቱን እንደገና እየው። መንጋጋህ 12 እና 0.6፣ 12.6 ይሆናል። ከጉንጭህ 13 ያንሳል። ሰፊው ቦታ ወደ ጉንጭህ ተመለሰ። አገጩ ላይ የቀረው 1 ሴንቲ ደግሞ ቁመት ይጨምርልሃል።

አስተካካይህ ሦስቱን ቁጥሮች በደረጃ እንዳይተዋቸው ንገረው። መጋጠሚያቸው ላይ ማበጠሪያውን ወደ ውጭ እያነሳ ማዋሃድ አለበት። ካልተዋሃደ ከጎን ሲታይ እንደ ደረጃ እርሻ ሆኖ ይቀራል። ሲጨርስ ከፊት ብቻ አይተህ አትነሳ። በሁለተኛ መስታወት ጎንህን አሳየኝ በለው።

አንገት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይበላሻል። ፂሙን መንጋጋው አጥንት ላይ መስመር አስምሮ ማስቆረጥ ፋሽን ሆኗል። ቀና ብለህ ስትቆም ያምራል። ጎንበስ ስትል፣ ስትስቅ፣ ስትበላ ግን ከመስመሩ በታች ያለው ባዶ ቆዳ ሁለተኛ አገጭ መስሎ ይወጣል። ቀጭን ሰው እንኳ ጉንጫም ይመስላል። ትክክለኛው ቦታ ማንቁርትህ ላይ ሁለት ጣትህን አግድም ስታሳርፍ ከላይኛው ጣት በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሁለቱም ጆሮ ግርጌ ለስለስ ብሎ ይጎብጥ። ከዚያ በታች ያለው ይነሳ።

«ይነሳ» ስልህ ግን በምላጭ አይደለም። እንደኛ ፀጉሩ የሚጠቀለል ሰው በምላጭ ከቆዳው ጋር አስተካክሎ ሲላጭ የተቆረጠው ጫፍ ይሾልና ሲያድግ ተጠምዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል። ቆዳውም እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ይቆጣል። አንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታና ጥቁር ነጠብጣብ ከዚህ ነው። ብዙ ሰው «ምላጩ ቆሽሾ ነው» ይላል። ንጹሕ ምላጭ የግድ ነው፣ እሱ ላይ አልደራደርም፤ ዓይንህ እያየ አዲስ ይክፈትልህ። ግን በአዲስ ምላጭም ይህ ይመጣል። አንገትህን ማበጠሪያ በሌለው ቶንዶስ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ያንሳልህ። ትንሽ ጥቁረት ይቀራል፤ በ2 ሜትር ርቀት አይታይም። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናት፤ ላብና የሸሚዝ ኮሌታ ሲጨመርበት የተቆጣ አንገት ቶሎ አይድንም።

ጉንጭህ ላይ ያለውን የፂሙን የላይ ጠርዝ በተቻለ መጠን አትንካው። ለብቻው ርቆ የበቀለውን ፀጉር ማንሳት ይበቃል። እዚያ ላይ ዝቅ አድርገህ መስመር ካስመታህ ፂሙ ወደ መንጋጋ ይወርዳል። ክብደቱም አብሮ ታች ይሄዳል፤ የሸሸነው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ፀጉርህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፣ 5 ሳምንት አይበቃም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ከትንሽ ነው የሚያድገው። አሁን 1 ሴንቲ ከሆነ በኒካህህ ቀን 2 ሴንቲ ከትንሽ ይደርሳል። ደግሞ የሚጠቀለል ፀጉር ስለሆነ ሲታይ ከዚያም ያጥራል። ለፊትህ ብመርጥ 3 ወይም 4 ሴንቲ ከፍ ያለ አናት ነበር የምመርጥልህ። አያቶቻችን ጎፈሬ ሲያበጥሩ ፀጉሩን በሚዶ ወደ ላይ የሚያነሱት ቁመቱ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። አንተ ጊዜ የለህምና ቁመቱን ከጎኑ እናምጣው። እስከ ኒካህህ ድረስ አናትህን ማንም አይንካው። ጎኑና ኋላው ብቻ ይውረድ። ከጆሮ በላይ በቁጥር 1፣ ወደ ላይ ሲወጣ በቁጥር 2 እያዋሃደ። ጎኑ ሲጠብ 2 ሴንቲው አናት ከፍ ያለ ይመስላል። ከጆሮህ ፊት ፀጉሩና ፂሙ የሚገናኙበት ቦታ ላይም ቁጥር 1 ይሁን። እዚያ ላይ ከወፈረ ጭንቅላትህ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሳጥን ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፂምህን በሃይማኖት ምክንያት ማሳጠር የማትፈልግ መሆን አለመሆንህን ደብዳቤህ ላይ አልነገርከኝም። እንዲያ ከሆነ የጻፍኩትን ቁጥር ተወው። ከታጠብክ በኋላ እርጥብ እያለ ጥቂት ዘይት ቀብተህ ጎኑን ወደ ታችና ወደ አገጭህ አበጥረው፤ እስኪደርቅ በጨርቅ ጫን አድርገህ ያዘው። የቆመው ፀጉር ይተኛል፤ ከጎኑ ስፋት ጥቂት ይቀንስልሃል። እንደ መቁረጡ አይሆንም፣ ግን ልዩነቱ ይታያል።

አቆራረጡን ለኒካህህ ሳምንት አታቆየው። በዚህ ሳምንት አስቆርጥ። ስህተት ቢኖር ጎኑ በ3 ሳምንት ውስጥ 7 ወይም 8 ሚሊ መልሶ ይበቅላል፣ ለማረም ጊዜ አለህ። የመጨረሻውን ማስተካከያ ከኒካሁ 3 ቀን ቀደም ብለህ አድርግ። በዕለቱ ጧት ወረፋ ይዘህ አትጣደፍ። ቆዳው ቢቆጣ በ3 ቀን ይረጋጋል፤ መስመሩም ትንሽ ለስልሶ እንደ ራስህ ፂም ይሆናል።

ከቆረጥክ በኋላ ፎቶ ላክልኝ፣ ግን እንዲህ አንሳው። ስልኩን መስኮት ላይ ወይም መደርደሪያ ላይ በዓይንህ ቁመት አስደግፈው። ከፍ ካለ ግንባርህ ይገዝፋል፣ ዝቅ ካለ መንጋጋህ። የኋላውን ካሜራ ተጠቀም፣ ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርግ። ሁለት ትልልቅ እርምጃ ራቅ። ፊትህ ቢያንስብህ ወደ ስልኩ አትቅረብ፤ በኋላ ፎቶውን ቆርጠህ አስፋው። ብርሃኑ ከፊትህ ይምጣ፤ ከጎን ከመጣ አንዱ መንጋጋህ በጥላ ይጠባል። አትሳቅ፣ አፍህን ግጠም፤ ሲስቁ ጉንጭ ይሰፋል። ካሜራው ላይ Beauty የሚል ነገር ካለ አጥፋው፤ መንጋጋ እየሸረፈ የሚያቀጥን ስልክ ብዙ ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ ሁለት ይበቃኛል።

ሌላም ነገር አስተውል። የፊት ካሜራው ስትነሳ እንደ መስታወት ነው የሚያሳይህ፤ አንዳንዱ ስልክ ፎቶውንም እንደዚያው ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ፂም ካሳደግህ በኋላ በተነሳኸው ሰልፊ ላይ በአንዱ ጉንጭ በኩል ሳሳ ያለ መስሎህ ሊሆን ይችላል። አስተካካይህ ጋ ስትቀመጥ «በግራዬ ሳስቷል» ከማለትህ በፊት በእጅህ ዳስሰህ የትኛው እንደሆነ አረጋግጥ። የሳሳውን ጎን አሳጥሮ የወፈረውን ከተወው ፊትህ ያዘነብላል። መሆን ያለበት የወፈረውን ጎን ወደ ሳሳው ማውረድ ነው።

ከዚያ ቤት ግባና እናትህ ቡና ስታፈላ እንደተለመደው ፊት ለፊቷ ተቀመጥ። ፀጉር ቤት እንደሄድክ አትንገራት። አቦሉ እስኪቀዳ ምን እንደምትል ስማና እሱንም ከፎቶው ጋር ጻፍልኝ።